የተሰረዘው ምን ነበር? ስለ ስረዛ፣ ስለ ዜሮና ስለ ኢንፊኒቲ የተማሪዎች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ስናርም በተደጋጋሚ ከምናገኛቸው ስህተቶች መካከል ሁለቱ በመልካቸው የማይገናኙ ይመስላሉ። አንደኛው፣ ክፍልፋይን ሲያቃልሉ የማይሰረዘውን መሰረዝ ነው። ሁለተኛው፣ ኢንፊኒቲን እንደ ማናቸውም ቁጥር መደመር፣ መቀነስና ማካፈል ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ እርሱም ማካፈል የሚፈቀደው መቼ እንደሆነ አለመጠየቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከሮቤና ከጎባ ተማሪዎች ዘወትር ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች የተወሰኑትን መርጠን እንመልሳለን። ምሳሌዎቹንም በተቻለ መጠን አንባብያን ከሚያውቁት ከባሌ ደጋ ወስደናል።

ጥያቄ፦ (x + 6)/x በሚለው ላይ x ከላይም ከታችም ስላለ ብንሰርዘው 6 ይቀራል። ይህ ለምን ስህተት ይባላል?

መልስ፦ በቅድሚያ x በሚለው ቦታ ቁጥር አስገብተን እንፈትነው። x = 2 ቢሆን 8/2 = 4 ይሆናል። x = 3 ቢሆን 9/3 = 3 ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ 6 አልተገኘም። ስለዚህ ስረዛው ትክክል አይደለም።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። «መሰረዝ» የምንለው ነገር ራሱን የቻለ ስሌት አይደለም። ላዕሉን በሙሉና ታህቱን በሙሉ ለአንድ ዓይነት ቁጥር ማካፈላችንን በአጭሩ የምናሳይበት ምልክት ብቻ ነው። ላዕሉ ድምር ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ተደማሪ መካፈል አለበት። ሁለት ወንድማማቾች 2 ኩንታል ስንዴና 6 ኩንታል ገብስ እኩል ይካፈላሉ እንበል። ለእያንዳንዳቸው 1 ኩንታል ስንዴና 3 ኩንታል ገብስ፣ በድምሩ 4 ኩንታል ይደርሳቸዋል። ተማሪው እንዳደረገው ስንዴውን ብቻ ከወንድማማቾቹ ቁጥር ጋር ብንሰርዘው ግን ለእያንዳንዳቸው 6 ኩንታል ገብስ ሊደርሳቸው ነው። በጎተራው ያለው ገብስ ደግሞ በሙሉ 6 ኩንታል ነው! ትክክለኛው ውጤት 1 + 6/x ነው። በአንጻሩ 6x/x ቢሆን ኖሮ፣ ላዕሉ ድምር ሳይሆን ብዜት ስለሆነ፣ x ዜሮ እስካልሆነ ድረስ መሰረዙ ያለ ችግር ይፈቀድ ነበር።

ጥያቄ፦ በ16/64 ላይ ሁለቱን 6 ስንሰርዝ 1/4 እናገኛለን። መልሱም ትክክል ነው። ታዲያ መንገዱ ለምን አይፈቀድም?

መልስ፦ መልሱ ትክክል የሆነው በአጋጣሚ ነው። በ16 ውስጥ ያለው 6 ስድስትን፣ በ64 ውስጥ ያለው 6 ግን ስድሳን ያመለክታል፤ አንድ ቁጥር አይደሉም። ያንኑ መንገድ በ13/34 ላይ ብንሞክረው 3 ተሰርዞ 1/4 ይቀራል፤ ትክክለኛው ዋጋ ግን ወደ 0.38 ይጠጋል። ትክክለኛ መልስ የመንገዱን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። መንገዱ የሚፈተነው በሌሎች ቁጥሮች ላይም ሲሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ሽቅብ የተወረወረ ድንጋይ ከመሬት ያለው ከፍታ በሜትር h = 20t − 5t² ነው ተባልን። መሬት ላይ የሚገኝባቸውን ጊዜያት ለማወቅ 20t = 5t² ብለን ሁለቱንም ወገን ለ t አካፈልን፤ t = 4 ሴኮንድ ሆነ። መምህሩ ግማሽ ነጥብ ለምን ቀነሱ?

መልስ፦ ድንጋዩ መሬት ላይ የሚገኘው ሁለት ጊዜ ስለሆነ ነው፤ ሲወረወርና ተመልሶ ሲወድቅ። የመጀመሪያው t = 0 ነው። ተማሪው ለ t ሲያካፍል «t ዜሮ አይደለም» ብሎ ሳያስበው ወስኗል፤ በዚህም ድንጋዩ የተወረወረበትን ቅጽበት ከመልሱ ውስጥ አጥፍቶታል። አስተማማኙ መንገድ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ሰብስቦ t(20 − 5t) = 0 ብሎ መጻፍ ነው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ዜሮ የሚሆነው ቢያንስ አንዳቸው ዜሮ ሲሆኑ ነው፤ ስለዚህ t = 0 ወይም t = 4። የማይታወቅን ነገር ከመሰረዝ በፊት «ይህ ዜሮ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ለዜሮ ማካፈል ለምን ይከለከላል? 1/0 = ∞ ብለን ብንጽፍ ምን ይጎዳል?

መልስ፦ ይህን ሐሳብ ቀደም ሲል ታላላቅ ሊቃውንትም አስበውታል። በ12ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የሕንዱ የሒሳብ ሊቅ ብሃስካራ፣ ለዜሮ የተካፈለ ቁጥር ወሰን የሌለው መጠን ይሆናል ብሎ ነበር። ጉዳቱ የሚታየው ስሌቱን ስንቀጥል ነው። 12/4 = 3 የምንለው 3 × 4 = 12 ስለሆነ ነው። እንግዲህ 1/0 = ∞ ከሆነ ∞ × 0 = 1 ሊሆን ይገባዋል። 2/0 = ∞ ከሆነ ደግሞ ∞ × 0 = 2 ይሆናል። ስለዚህ 1 = 2 ሆነ ማለት ነው! በተጨማሪም ታህቱን ከ0.1 ወደ 0.01፣ ወደ 0.001 ብናሳንሰው ውጤቱ 10፣ 100፣ 1000 እያለ ያድጋል፤ ከ −0.1 ተነስተን ወደ ዜሮ ብንጠጋ ግን −10፣ −100፣ −1000 እያለ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። አንድ ስም የምንሰጠው አንድ መድረሻ የለም።

ጥያቄ፦ አንድ መኪና ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ወጣ። የደርሶ መልስ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንዲሆን በስንት ፍጥነት መመለስ አለበት? አንዳንዶቻችን 60፣ አንዳንዶቻችን ∞ አልን። የማን ትክክል ነው?

መልስ፦ የማንም አይደለም። 60 ያሉት የ20ና የ60 አማካይ 40 ስለሆነ ነው፤ ነገር ግን አማካይ ፍጥነት ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ ሲካፈል እንጂ የፍጥነቶች አማካይ አይደለም። መንገዱን d፣ የመመለሻውን ፍጥነት v ብንለው ጊዜው እንዲህ ይጻፋል፦

d/20 + d/v = 2d/40

እዚህ ላይ d ዜሮ ስላልሆነና በእያንዳንዱ ተደማሪ ውስጥ ስለሚገኝ መሰረዙ ትክክል ነው። ቀሪው 1/20 + 1/v = 1/20፣ ማለትም 1/v = 0 ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ «v = ∞» ብለው ከሥሩ ሁለት መስመር ያሰምራሉ። ዳሩ ግን አንድ ለየትኛውም ቁጥር ቢካፈል ዜሮ አይሆንም፤ እኩልታው መፍትሔ የለውም።

ለስሌት እንዲያመች መንገዱን 20 ኪሎ ሜትር ብናደርገው ነገሩ ግልጥ ይሆናል። ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ አማካዩ 40 እንዲሆን የተፈቀደው ጊዜ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ነው። መኪናው ግን ሲወጣ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጅቷል። ለመመለሻ የተረፈው ጊዜ ዜሮ ነው። በ60 ቢመለስ አማካዩ 30፣ በ200 ቢመለስ ወደ 36.4፣ እንዲያው ለነገሩ በ2000 ቢመለስ ወደ 39.6 ይሆናል። ወደ 40 ይጠጋል እንጂ አይደርስም። «v ወደ ∞ ሲሄድ አማካዩ ወደ 40 ይጠጋል» ማለት ትክክለኛ አነጋገር ነው፤ «v = ∞» ማለት ግን በየትኛውም የፍጥነት መለኪያ ላይ የማይነበብ ነገር መጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ ∞ − ∞ ለምን ዜሮ አይሆንም? ከራሱ የተቀነሰ ነገር ዜሮ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ይሆን ነበር። ∞ ግን የጉዞ አቅጣጫን እንጂ የደረስንበትን ቦታ አይነግረንም። ሁለት ነገሮች ሁለቱም ያለ ወሰን ቢያድጉ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአስተዳደጋቸው ይወሰናል። √(x² + 6x) − x የሚለውን እንመልከት። x ሲያድግ ሁለቱም ወገን ያለ ወሰን ያድጋል፤ ተማሪውም «∞ − ∞ = 0» ይላል። ስናሰላው ግን x = 10 ሲሆን ልዩነቱ 2.65 ገደማ፣ x = 100 ሲሆን 2.96 ገደማ፣ x = 1000 ሲሆን 2.996 ገደማ ነው። የሚጠጋው ወደ ዜሮ ሳይሆን ወደ 3 ነው። በ6x ፈንታ 10x ብንጽፍ ወደ 5 ይጠጋል። ስለዚህ «∞ − ∞» የሚል መስመር ስናይ መልስ እንዳገኘን ሳይሆን ሥራው ገና እንዳልተጀመረ ልንገነዘብ ይገባል። ስለ ∞/∞ና ስለ 0 × ∞ም የሚባለው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህራንስ «ዕቃው በኢንፊኒቲ ርቀት ላይ ነው» እያሉ በሌንስ ቀመር ውስጥ ያስገቡት የለም ወይ?

መልስ፦ ያስገባሉ፤ ነገር ግን አባባሉ የአጭር አነጋገር ነው። ትርጉሙን በቁጥር እንየው። የፎካል ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሌንስ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ያለን ሻማ ቢመለከት ምስሉ ከሌንሱ 11.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይወድቃል። ያው ሌንስ ከ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ 4377 ሜትሩ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ቢዞር፣ በቀመሩ 1/v = 1/10 − 1/500000 ስለሚሆን ምስሉ 10.0002 ሴንቲ ሜትር ላይ ይወድቃል። ከ10 የሚለየው በአንድ ሚሊ ሜትር አምስት መቶኛ ነው፤ ይህን በማስመሪያ የሚለይ ተማሪ አይኖርም። ተራራው በኢንፊኒቲ ርቀት ላይ አይደለም፤ የ1/500000 ድርሻ ከመለኪያችን ስህተት እጅግ ስላነሰ ትተነው ነው። ሻማውን ግን እንዲሁ «ሩቅ ነው» ብለን ብንተወው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ እንሳሳታለን። «ኢንፊኒቲ» ማለት የሚፈቀደው የተተወው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው።

ለአንባብያን የተተወ ጥያቄ፦ መኪናው ወደ ሳነቴ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ወጣ እንበል። የደርሶ መልስ አማካዩ 50፣ 60ና 70 እንዲሆን በስንት ፍጥነት መመለስ እንዳለበት ለየብቻ አስሉ። ከሦስቱ አንዱ መኪና ሊነዳበት በሚችል ቁጥር ይመለሳል፤ ያንን መንገድ ለሚያውቅ ሾፌር ግን የሚመከር ፍጥነት አይደለም። ሁለተኛው 1/v = 0 ላይ ያደርሳችኋል። ሦስተኛው ኔጌቲቭ ፍጥነት ይሰጣችኋል፤ መኪናው ሳነቴ ከመድረሱ ስንት ሰዓት ቀድሞ ወደ ጎባ መመለስ እንደነበረበት ስታሰሉ ኔጌቲቩ ምን እያለ እንደሆነ ይገባችኋል።