ሲያስታውካችሁ ኪኒኑ ይቆማል፤ ኢንሱሊኑ ግን አይቆምም

በሐይቅ፣ በውጫሌና በአምባሰል ገጠር ያላችሁ፣ ስኳር ያለባችሁም ሆነ የስኳር ታማሚ የምታስታምሙ፣ ይህን ጽሑፍ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። በስኳር ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ክረምት ሲገባና ተቅማጥና ትውከት ሲበዛ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፦ «እህል በአፌ አልገባም፤ መድኃኒቴን ልውሰድ ወይስ ልተው?» መልሱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። በተሳሳተው በኩል የወሰነ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ለሞት ሊቀርብ ስለሚችል፣ ሁለት ሰዎች የደረሰባቸውን ልንገራችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።

የመጀመሪያው አምባሰል ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ ርቆ ተራራ ላይ የሚኖር ወጣት ነው። ያለበት አንደኛው ዓይነት ስኳር ነው፤ ሰውነቱ ኢንሱሊን ጨርሶ አያመርትም ማለት ነው። ጠዋት 20 ዩኒት፣ ማታ 10 ዩኒት ኤንፒኤች የሚባለውን ደፍራሹን ኢንሱሊን ይወጋል። ንጹሑን፣ ሬጉላር የሚባለውን ደግሞ ከቁርስ በፊት 6፣ ከራት በፊት 4 ዩኒት ይወስዳል። የቀኑ ድምር 40 ዩኒት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማስታወክ ጀመረው። ራት አልበላም፤ «ባዶ ሆዴን ብወጋ ስኳሬ ይወርዳል» ብሎ የማታውን መርፌ ተወ። ጠዋትም ምንም አልቀመሰም፤ የጠዋቱንም ተወ። ቤተሰቡ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹት። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣና ሲሸና ነበር ያደረው። እኩለ ቀን ላይ ሆዱን አጥብቆ ቆረጠው፤ ትንፋሹ ጠለቀ፣ ፈጠነም። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መንገድ አወረዱት። ሆስፒታል ሲደርስ ስኳሩ 486 ነበር፤ ሽንቱ ውስጥ ኪቶን ሦስት ፕላስ ተገኘ። በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ፣ በፖታሲየምና በኢንሱሊን ቀናት ታክሞ ዳነ።

የልጁ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። «ሳትበላ አትውጋ» ተብሎ ተምሯል፤ ይህ ትምህርት ግን የሚመለከተው ለምግብ የሚወጋውን ሬጉላር ነው። ኤንፒኤች ሌላ ሥራ አለው። ጉበት እንደ ጎተራ ነው፤ ባንበላም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ያወጣል፣ ኢንሱሊን ደግሞ የጎተራውን በር ይዞ ይቆጣጠራል። ስንታመም ሰውነት የሚያመነጫቸው የጭንቀት ሆርሞኖች በሩን የበለጠ ይገፉታል። ስለዚህ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው ምንም ሳይበላ ስኳሩ ሊጨምር ይችላል። ኢንሱሊን ጨርሶ ከጠፋ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያ ኪቶን ይወጣል፣ ደምም አሲድ ይሆናል።

ኪቶን ራሱ ያስታውካል። ልጁ መጀመሪያ ያስታወከው በምግብ መበከል ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ቀን ያስታውከው የነበረው ግን ኪቶኑ ነው። ቤተሰብ ጨጓራ፣ ታይፎይድ ወይም ምች እያለ የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ለመለየት የሚረዳ አንድ ምልክት አለ፤ ሽንቱን ተመልከቱ። ሲያስታውከው የዋለና ያልበላ ሰው ውሃው ስለሚያልቅ ሽንቱ መቀነስ አለበት። እያስታወከው ቶሎ ቶሎ የሚሸናና የሚጠማው ከሆነ ስኳሩ ከፍ ብሏል ብላችሁ አስቡ። የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል የአፍ ጠረን፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ መደንዘዝ ከታከለበት ደግሞ ማረጋገጫ አትጠብቁ፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ያ ምሽት እንዴት መሄድ ነበረበት? ማታ 1 ሰዓት ላይ ይለካ ነበር፤ 210 አገኘ እንበል። ራት ስለማይበላ የሬጉላሩን 4 ዩኒት ይተዋል፤ የኤንፒኤቹን 10 ዩኒት ግን ይወጋል። በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ እየተነሳ ይለካል። ሲነጋ 290 ሆኖ ቢያገኘው የጠዋቱን 20 ኤንፒኤች ይወጋል፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ከፈቀደለት ደግሞ የቀኑን ድምር አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 4 ዩኒት ሬጉላር ለማስተካከያ ይጨምራል። ይህን ጭማሪ 4 ሰዓት ሳይሞላ መድገም የለበትም። ሬጉላር እስከ 6 ሰዓት ገደማ ስለሚሠራ በላይ በላዩ ከተወጋ ተደራርቦ ስኳሩን ይጥለዋል። ሽንት የሚመረመርበት ጤና ጣቢያ ቅርብ ከሆነ ኪቶኑን ማስመርመር አለበት።

ማታ የተለካው 210 ሳይሆን 95 ቢሆንስ? ያኔም መርፌው አይዘለልም፤ መጠኑ ግን ይቀነሳል። እንደ ሁኔታው ከአምስት አንድ እጅ እስከ ግማሽ ይቀነሳል፣ ጣፋጭ ነገርም እየተጎነጨ ይታደራል። ጣፋጩም ካልረጋለትና ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም፤ በደም ሥር ግሉኮስ ያስፈልገዋል። መለኪያ የሌላችሁ ደግሞ መርፌውን በግምት አትተዉ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተለኩ።

የተደባለቀውን፣ 70/30 የሚባለውን የምትወጉ ሰዎች ነገሩ ትንሽ ይለያል። ውስጡ ለምግብ የሚሆነው ኢንሱሊን ስላለበት ስኳራችሁ ከፍ ባላለበት ጊዜ ሙሉውን መጠን ባዶ ሆድ መውጋት አደገኛ ነው፤ ጨርሶ መተውም አይሆንም። ለእንዲህ ያለ ቀን ስንት ዩኒት እንደምትወጉ ሳትታመሙ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

መጠጡን በተመለከተ፣ አንድ ጊዜ ብርጭቆ ሙሉ አትጠጡ፤ ተመልሶ ይወጣል። በየ10 ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ እያላችሁ በሰዓት አንድ የሻይ ብርጭቆ ለመድረስ ሞክሩ። ስኳራችሁ ከ200 በላይ ከሆነ ውሃና ስኳር የሌለው ሻይ ጠጡ፤ ከዚያ በታች ከሆነና እህል ካልገባላችሁ ስኳር ያለው ሻይ ወይም ቀጭን አጥሚት ያስፈልጋችኋል። ብዙዎቻችሁ ኦአርኤስ ይጣፍጣል ብላችሁ ትፈሩታላችሁ። በአንድ ሊትር ኦአርኤስ ውስጥ ያለው ግሉኮስ 13.5 ግራም ብቻ ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ማለት ነው። ተቅማጥ ካለባችሁ ጠጡት። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ግን የፈሳሹን መጠን ሐኪም ይወስንላችሁ።

ሁለተኛዋ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ እናት ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳርና ግፊት አለባቸው፤ ሜትፎርሚን፣ ግሊቤንክላማይድና ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። ተቅማጥ ያዛቸው። እኛው ጤና ባለሙያዎች «እማማ፣ መድኃኒትዎን አንድ ቀን እንዳያቋርጡ» እያልን ስለምናስጠነቅቅ፣ ቁርስ ሳይበሉ ሁሉንም ኪኒን ዋጡ። ከሰዓት በኋላ ላብ አጠመቃቸው፤ ልጃቸውን በሌላ ሰው ስም መጥራት ጀመሩ። ጎረቤት ባለው መለኪያ ሲለኩ 41 ሆነ። በስኳር ውሃ ነቁ፤ ሁሉም ተደሰተ፤ ግን ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደገና ወደቁ።

ዳግም የጣላቸው ግሊቤንክላማይድ ነው። ይህ ኪኒን ምግብ ይኑር አይኑር ሳይለይ ቆሽትን ኢንሱሊን እንድታወጣ ይገፋታል፤ ሥራው እስከ 24 ሰዓት ይዘልቃል፣ ኩላሊት ከደከመ ከዚያም ያልፋል። በዚህ ኪኒን ስኳሩ የወደቀ ሰው በሦስት አራት ማንኪያ ስኳር ቢነቃም ቤት ሊቀር አይገባም፤ ሆስፒታል ገብቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መለካት አለበት። ራሱን ስቶ ከሆነ ደግሞ ወደ ትንታ ስለሚሄድ በአፉ ምንም አትጨምሩ።

ስለዚህ ሲያስታውካችሁ፣ ሲያስቀምጣችሁ ወይም መብላት ሲያቅታችሁ ግሊቤንክላማይድ ወይም ግሊሜፒራይድ ይቆማል። ሜትፎርሚንም ይቆማል፤ እሱ ስኳርን ብዙም አይጥልም፣ ነገር ግን ሰውነት ውሃ ሲያጣ ኩላሊት ይደክማል፣ መድኃኒቱ ይጠራቀማል፣ ላክቲክ አሲድም ደም ውስጥ ሊከማች ይችላል። በዚያው ምክንያት ኢናላፕሪልና ውሃ የሚያሸናው የግፊት ኪኒን ለጊዜው ይቆማሉ። ለትኩሳትና ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትውሰዱ፤ ኩላሊትን ይጨምቃሉ፣ ፓራሲታሞል ይሻላል። ከአረብ አገር ዘመድ የሚልክላችሁ ኪኒን ካለ ስሙን አሳዩን። ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን ከሆነ ወዲያውኑ መቆም አለበት፤ እነዚህ ስኳሩ ከ250 በታች ሆኖ እንኳ ደምን አሲድ የማድረግ አደጋ አላቸው፣ መለኪያውም ያታልላችኋል። ኪኒኖቹን መልሳችሁ የምትጀምሩት እንደ ወትሮው መብላትና መጠጣት ከቻላችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ነው። በሕመሙ ጊዜም መለካታችሁን አታቋርጡ፤ ኪኒኑ ቆሞ ስኳሩ 300 እያለፈ ከሄደ ለጊዜው ኢንሱሊን ያስፈልጋችሁ ይሆናል።

ረመዳን ላይ ወይም በፍልሰታ ይህ ከደረሰባችሁ ጾሙ ይፈታል። ይህን ለኃይማኖት አባቶቻችሁም ንገሯቸው፣ ያግዟችኋል።

የምትሄዱበትን ሰዓት እንደ ርቀታችሁ ወስኑ። በከተማ ለሚኖር ሰው ፈሳሽ ለ4 ሰዓት ያህል ካልረጋለት ወይም ስኳሩ ተከታትሎ ሁለት ጊዜ ከ300 በላይ ከሆነ መሄጃው ነው። ቃሬዛ ለሚያስፈልገው የአምባሰል ተራራ ነዋሪ ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በቀን ብርሃን መነሳት አለበት። ሕፃንና ነፍሰ ጡር ከሆኑ ጭራሽ አትጠብቁ። ጤና ተቋም ስትደርሱ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል፣ መጨረሻ የተወጋው በዚህ ሰዓት ነው» ይሁን፤ ትውከት ብላችሁ ብቻ ከተናገራችሁ ተራ ትጠብቃላችሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ የክትትል ካርዳችሁን ይዛችሁ ኑና ሦስት ነገር በጀርባው አስጽፉ፦ ስታመም የማቆማቸው ኪኒኖች የትኞቹ ናቸው፣ ኤንፒኤቼን በስንት ልኬት ስንት ዩኒት ልውጋ፣ ሌሊት የምደውልበት ስልክ የትኛው ነው። ማንበብ የማይችሉ አባትና እናት ቤት ካሏችሁ ጽሑፉን አንድ ልጅ በቃሉ ይያዘው።