«ኑዋር» ሲባል ምን ይመጣል?

ዳይሬክተር የካሜራ ባለሙያውን «እንደ እገሌ ፊልም አድርግልኝ» ካለው፣ ባለሙያው የዚያን ፊልም ክፍልና የካሜራ አቀማመጥ ወደ መቅዳት ይሄዳል። «ኑዋር ይሁን» ሲለው ግን የሚጠይቀው ስሜት ነው።

ኑዋር በፈረንሳይኛ ጥቁር ማለት ነው። በጦርነቱ ዓመታት ፈረንሳይ ያልገቡ የአሜሪካ ፊልሞች በ1946 እ.ኤ.አ. ተከታትለው ፓሪስ ሲደርሱ፣ ሃያሲው ኒኖ ፍራንክ ጥላና ጥርጣሬ የበዛባቸውን በዚህ ቃል ጠራቸው። ስሙ ከብዙ ፊልሞች የጋራ ጠባይ የተለቀመ ስለሆነ የአንዱም ንብረት አይደለም።

አንድ ትዕይንት እንውሰድ። ሚስት ሌሊት ኩሽና ውስጥ ደብዳቤ እያነበበች ሳለ ባሏ ይገባል፤ እሷም ደብዳቤውን ከትሪ ሥር ትሸሽገዋለች። በኑዋር ለመሥራት ዋናውን መብራት ከጎንና ከፍ አድርጎ ማቆም፣ ጥላውን የሚያለዝበውን ሁለተኛ መብራት ደግሞ መቀነስ ነው። በአስቂኝ ፊልም ብሩሁ ጉንጭ ከጨለማው ሁለት እጥፍ ያህል ቢበራ፣ እዚህ ስምንት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የባልየው ጥላ ከራሱ ቀድሞ ግድግዳው ላይ ይውደቅ። ባርኔጣ፣ ረጅም ካፖርትና የሲጋራ ጭስ አያስፈልጉም። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ልብሱን ይዘው ብርሃኑን ይተዋሉ።

ይኸው ትዕይንት «ፋውንድ ፉቴጅ» በሚባለው የአስፈሪ ፊልም ዘውግ ፍጹም ሌላ ይሆናል። ይህ ዘውግ የምናየውን ሁሉ ከባለታሪኮቹ አንዱ እንደቀረጸውና ኋላ እንደተገኘ አድርጎ ያቀርባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ «ማን ነው የሚቀርጸው? ለምን?» የሚለው ነው። ሚስትየው ለእህቷ የቪዲዮ መልእክት እየቀዳች ነበር እንበል፤ ስልኩም ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፏል። ባልየው ሲገባ የሚታየን ከወገቡ በታች ብቻ ነው። ፊቱን አናይም፤ ድምፁም ከማቀዝቀዣው እርግርግታ ጋር ተደባልቆ ይሰማል። ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ ካልተከፈተ በቀር ሙዚቃ የለም። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ጠንቋይዋን አንዴም ሳያሳይ ያስፈራው ካሜራው ሁሉን ማየት ስለማይችል ነው። ከእሱ የሚወሰደው ይህ የእይታ ጥበት ነው፤ ጫካውና የእንጨት ምልክቶቹ የዚያ ፊልም የብቻው ናቸው።

ይህ ዘውግ የሚፈርሰው በአንድ ቁራጭ ነው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ሳለ የባልየው ፊት ድንገት በቅርበት ከታየ፣ ተመልካቹ «ይህንን ደግሞ ማን ቀረጸው?» ይላል፤ ፍርሃቱም እዚያው ያልቃል።

የተቀረጸውን ስለ ዕቅዱ ላልሰማ ሰው ማሳየት ጥሩ መፈተኛ ነው። «ይህ እኮ ያ ፊልም ነው» ብሎ ስም ከጠራ፣ ስሙን ያስጠራውን ዕቃ ወይም አቀማመጥ ፈልጎ ማውጣት ነው። «ሴትየዋ የደበቀችው ነገር አለ» ካለ ግን መብራቱ ካለበት አይነካ።