ፓምፑ መቼ ይነሳ? መቼ ይቁም?

የፀሐይ ውሃ ማሞቂያን ፓምፕ የሚያዘው የሙቀት ልዩነት ነው። አንድ የሙቀት መለኪያ ጣሪያ ላይ ባለው ሰብሳቢ መውጫ፣ ሌላው በታንከሩ ግርጌ ይታሰራል፤ መቆጣጠሪያው ሁለቱን ያነጻጽራል። ለምሳሌ ታንከሩ 40 ዲግሪ ከሆነ፣ ሰብሳቢው 48 ሲደርስ ፓምፑ ይነሳል፤ ልዩነቱ ወደ 4 ዲግሪ ሲወርድ ይቆማል። መነሻውና መቆሚያው የተራራቁት በምክንያት ነው። ፓምፑ እንደተነሳ ከታንከሩ የሚመጣው ውሃ ሰብሳቢውን ያበርደዋል፤ ቁጥሮቹ ቢቀራረቡ ፓምፑ ቶሎ ቶሎ እየተነሳና እየቆመ ያረጃል።

አመሻሽ ላይ ፓምፑ አልቆም ካለ የታንከሩ መለኪያ ይፈተሽ። ከቦታው ወልቆ ከሆነ የሚለካው የክፍሉን አየር ነው። ውሃው 55 ዲግሪ ሆኖ ሳለ መለኪያው 22 ካነበበ፣ ሰብሳቢው 35 ቢሆንም ፓምፑ ይሠራል፤ ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት ጣሪያ ላይ ይበትነዋል። መለኪያውን ከታንከሩ አጣብቆ ማሰርና ከአየር መሸፈን ችግሩን ይፈታል።