ሰማያዊ የተቀባው ደም ቅዳ

በባዮሎጂ ፈተና ላይ መልኩን እየቀያየረ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ከሚከተሉት ውስጥ አነስተኛ ኦክስጅን ያለው ደም የሚያልፍበት የትኛው ነው?» ይልና አራት ምርጫ ይደረድራል፦ አኦርታ፣ የኩላሊት ደም ቅዳ፣ የሳንባ ደም ቅዳ፣ የሳንባ ደም መልስ። «ደም ቅዳ ኦክስጅን የበዛበትን ደም ይወስዳል፤ ደም መልስ ኦክስጅን ያነሰውን ይመልሳል» ብሎ የሸመደደ ተማሪ ምርጫዎቹን ያያል። ደም መልስ የሚባል አንድ ብቻ ነው። ያንኑ ያከብባል፤ ነጥቡንም ያጣል። መልሱ የሳንባ ደም ቅዳ ነው። ይባስ ብሎ፣ ተማሪው ያከበበው ከአራቱ ሁሉ ኦክስጅን የበዛበት ነው።

ስህተቱ የስንፍና አይደለም። የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎች ደም ቅዳን ቀይ፣ ደም መልስን ሰማያዊ ይቀባሉ። ከአንገት በታች ይህ ቀለም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ትክክል ስለሚሆን፣ ተማሪው ቀለሙን የማንነት ምልክት አድርጎ ይይዘዋል። ቀለሙ ግን የሚናገረው በቧንቧው ውስጥ ስላለው ደም ነው። ቧንቧውን ደም ቅዳ ወይም ደም መልስ የሚያሰኘው የደሙ አቅጣጫ ነው፤ ከልብ የሚወጣው ሁሉ ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚገባው ሁሉ ደም መልስ ነው። ኦክስጅን በዚህ ውስጥ ድምፅ የለውም። (በነገራችን ላይ ሰማያዊ ደም የሚባል ነገር በሰው ውስጥ የለም። ኦክስጅን የቀነሰበት ደም ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ በክንድ ላይ የሚታየው ሰማያዊ መስመር ብርሃን በቆዳ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጥረው ነው።)

ደሙን መከተል ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከእግር፣ ከሆድ፣ ከጭንቅላት የተሰበሰበው ደም በሁለት ትልልቅ ደም መልሶች በኩል ወደ ልብ ቀኝ የላይኛው ክፍል ይገባል። ከዚያ ወደ ቀኝ የታችኛው ክፍል ይወርዳል። ይህ ክፍል ሲኮማተር ደሙ የሳንባ ደም ቅዳን ይዞ ይወጣል፤ ቧንቧው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ግራና ቀኝ ሳንባ ይሄዳል። በሳንባ ውስጥ ፀጉር በሚያህሉ ሳይሆን ከፀጉር በብዙ በሚቀጥኑ ሥሮች እያለፈ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያራግፋል፤ ኦክስጅን ይጭናል። አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር አራት በሆኑ የሳንባ ደም መልሶች ወደ ልብ ግራ ክፍል ይመለሳል። ከዚያ በአኦርታ በኩል ለመላው ሰውነት ይሠራጫል።

ስለዚህ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ገና ኦክስጅን ሊወስድ የሚሄድ ነው። ባዶውን ግን አይደለም። አንድ የሄሞግሎቢን ቅንጣት ኦክስጅን የሚይዝባቸው አራት ቦታዎች አሉት። ዕረፍት ላይ ባለ ጤነኛ ሰው የሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ከእነዚህ ቦታዎች በአማካይ ሦስቱ አሁንም እንደተያዙ ናቸው፤ በሐኪሞቹ አነጋገር የኦክስጅን ሙሌቱ 75 በመቶ አካባቢ ነው። ከሳንባ ሲመለስ 98 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት የገባው፣ ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ የሚያሳየው ይህን ከፍተኛውን ቁጥር ነው፤ የሚያነበው የጣትን ደም ቅዳ ነውና። ያው መሣሪያ በሆነ ተአምር የሳንባን ደም ቅዳ ማንበብ ቢችል ኖሮ በጤነኛ ሰው ላይ 75 ብሎ ቤተሰብ ያስደነግጥ ነበር።

የቧንቧው ግድግዳም የሚታነፀው ለግፊቱ እንጂ ለኦክስጅኑ አይደለም። ደም ቅዳ የልብን ምት በቀጥታ ስለሚቀበል ግድግዳው ጡንቻና የሚለጠጥ ክር አለው፤ ደም መልስ ደግሞ ሰፊና ስስ ነው። የሳንባ ደም ቅዳ በዚህ መለኪያ ደም ቅዳ ነው፤ ከልብ በእያንዳንዱ ምት እየተገፋ ይነፋል። ይሁን እንጂ ከአኦርታ ይሳሳል። ምክንያቱም በክንድ ላይ 120 በ80 የሚለካው ግፊት በሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ 25 በ10 አካባቢ ብቻ ነው። ሳንባ ለልብ ጎረቤት ነው፤ ሥሮቹም ደሙን ብዙም አይቃወሙም።

የፈተናው ተማሪ ብቻውን አይደለም። በ2ኛው መቶ ዘመን የኖረውና ከሺህ ዓመት በላይ ለሕክምና ሕግ አውጪ የነበረው ጋለን ያው እንቆቅልሽ ገጥሞት ነበር። እንደ እሱ ትምህርት በልብ ቀኝ በኩል ያለው ደም የደም መልስ ደም ነው፤ ወደ ሳንባ የሚወጣው ቧንቧ ግን ግድግዳው የደም ቅዳ ሆኖ ይገኛል። የጥንት ሐኪሞች ሁለቱን አስታርቀው «ደም ቅዳ መሰል ደም መልስ» አሉት። ከሳንባ የሚመለሰውንም በተቃራኒው ሰየሙት። ጋለን ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሻገረው በልብ መካከለኛ ግድግዳ ውስጥ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ በሳንባ በኩል የሚዞር መንገድ አላስፈለገውም።

ይህን ያፈረሰው የደማስቆ ተወላጁና በካይሮ የሠራው ሐኪም ኢብን አል ናፊስ ነው። በ1242 በጻፈው ማብራሪያ፣ የልብ መካከለኛ ግድግዳ ድፍን ነው፤ የሚታይም ሆነ የማይታይ ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ ደሙ ወደ ግራ ለመድረስ የግድ በሳንባ በኩል ማለፍ አለበት አለ። ጽሑፉ ለረጅም ዘመን ተረስቶ ቆየና በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው። በሳንባ ውስጥ ሁለቱን ቧንቧዎች የሚያገናኙትን ቀጫጭን ሥሮች በዓይን ያየው ደግሞ ጣሊያናዊው ማልፒጊ ነው፤ በ1661፣ በማይክሮስኮፕ፣ በእንቁራሪት ሳንባ ላይ።

በሕያው ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ መለካት ግን ሌላ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ1929 በጀርመን ኤበርስቫልደ ከተማ፣ ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም ክንዱ ላይ ካለው ደም መልስ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጭን ቱቦ ወደ ራሱ ልብ ሰደደና ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶ ተነሣ። ዘዴውን በኋላ ያሻሻሉት ሁለት ሐኪሞችና እሱ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬ ካቴተር የሚባለው ይህ ቱቦ በደም መልስ ገብቶ፣ የልብን ቀኝ ክፍሎች አልፎ፣ የሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነው ተራው የፈተና ጥያቄ የሰው ሕይወት ጉዳይ የሚሆነው። ከየአካሉ የሚመጣው ደም ኦክስጅኑ አይመጣጠንም፤ ከኩላሊት የሚመለሰው ገና ብዙ አለው፣ ከራሱ ከልብ ጡንቻ የሚመለሰው ግን እጅግ የተሟጠጠ ነው። ሁሉም በደንብ ተደባልቆ የሚገኘው የሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ የደም መልስን ደም አማካይ ማወቅ የፈለገ ሐኪም የሚቀዳው ከደም ቅዳ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ትንሽ ሲሮጥ የሚደክመው ልጅ በካቴተር ይመረመራል እንበል። ወደ ልብ ከሚገባው የላይኛው ትልቅ ደም መልስ የተቀዳው ደም ሙሌቱ 70 በመቶ ሆነ። ካቴተሩ ወደ ቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል ሲገባ ቁጥሩ 84 ሆነ። በቀኝ የታችኛው ክፍልም፣ በሳንባ ደም ቅዳም 84። «ደም ቅዳ ነውና ኦክስጅን መያዙ መልካም ነው» የሚል ሰው በዚህ ቁጥር ሊደሰት ይችላል። የልብ ሐኪሙ ግን ይጠይቃል፦ ገና ሳንባ ያልደረሰ ደም ከየት አምጥቶ 14 ነጥብ ጨመረ? ዝላዩ የታየው የላይኛው ክፍል ላይ በመሆኑ መልሱ ከሞላ ጎደል ይታወቃል፤ በሁለቱ የላይኛ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ከሳንባ የተመለሰው ደምም በግራ በኩል ግፊቱ ስለሚበልጥ ወደ ቀኝ ይሾልካል። ጋለን በሁሉም ሰው ልብ ውስጥ አለ ያለው ቀዳዳ፣ ቦታው ቢለያይም፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ በእርግጥ ይገኛል።

እነዚያው ቁጥሮች የቀዳዳውን ክብደትም ያመለክታሉ። ከሳንባ የሚመለሰው ደም 98 በመቶ ከሆነ፣ ደሙ በሳንባ ውስጥ ያገኘው ከ84 እስከ 98፣ ማለትም 14 ነጥብ ነው። በሰውነት ውስጥ የሚያጣው ደግሞ ከ98 እስከ 70፣ 28 ነጥብ ነው። ሰውነት የተጠቀመበትን ኦክስጅን በሙሉ ሳንባ መተካት አለበት፤ እያንዳንዱ ሊትር ግማሹን ብቻ የሚጭን ከሆነ ሁለት እጥፍ ሊትር በሳንባ ማለፍ ይኖርበታል። የዚህ ልጅ ሳንባ ሰውነቱ ከሚቀበለው ደም እጥፉን እየተቀበለ ነው። እርግጥ አንድ ቁጥር ብቻውን አይታመንም። የካቴተሩ ጫፍ በትንሽ ቅርንጫፍ ውስጥ ተሰንቅሮ ደሙ በኃይል ከተሳበ፣ በሳንባ ውስጥ ኦክስጅን የጫነው ደም ወደ ኋላ ተስቦ ሊመጣና ሙሌቱን በሐሰት ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ ነው ጫፉ ወደ ሰፊው ቧንቧ ተመልሶ እንደገና የሚቀዳው።

የሳንባ ሥሮች ብቸኛ ልዩ ጉዳይ ተደርገው መጠቀሳቸው የተወለደውን ሰው ብቻ ስናስብ ነው። በማህፀን ያለ ጽንስ በሳንባው አይተነፍስም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጅ ነው። በእትብት ውስጥ ወደ ጽንሱ ልብ የሚሄደው ቧንቧ አንድ ደም መልስ ሲሆን ኦክስጅን የያዘውን ደም ያመጣል፤ ከጽንሱ ልብ የተነሣውን ደም ወደ እንግዴ ልጅ የሚወስዱት ሁለት ደም ቅዳዎች ደግሞ ኦክስጅን ያነሰውን ይዘው ይሄዳሉ። ጨቅላ እንደተወለደ በአስቸኳይ መድኃኒት ማስገባት ሲያስፈልግ፣ ሐኪሙ የተቆረጠውን እትብት አፍ ይመለከታል። ሁለቱ ትናንሽና ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ክቦች ደም ቅዳዎቹ ናቸው። ሦስተኛው ሰፊ፣ ግድግዳው ስስና ልል ነው፤ ቱቦው የሚገባውም በእሱ ነው።