የተራራው ጫፍና የወታደሮቹ ጥላ

«ቪዲዮው እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብሎ የጠየቀ አዘጋጅ የአንድ ቃል መልስ ከጠበቀ፣ መረጃ አጣሪው የሚያቀርብለት ዘገባ ላያረካው ይችላል። ጥሩ የማጣራት ዘገባ ስለ ቪዲዮው የተባለውን እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ ይመዝናል፤ ከየግኝቱም ጎን አጣሪው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ያሰፍራል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ወስደው ሲረሽኑ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጨ። ካሜሩን ውስጥ የተፈጸመ ነው ተባለ፤ የአገሪቱ መንግሥት ግን ሐሰተኛ ወሬ ነው ሲል አጣጣለው። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ባልደረቦች ከሌሎች አጣሪዎች ጋር ሆነው መረመሩት።

በመጀመሪያ ቦታውን ፈለጉ። ከሰዎቹ ጀርባ የሚታየውን የተራራ ሰንሰለት ከሳተላይት ካርታ ጋር ሲያስተያዩት፣ በሰሜናዊ ካሜሩን ዜሌቬት ከተባለች መንደር አጠገብ ካለው ጋር ገጠመ። ዛፎቹና ቤቶቹም እንደዚሁ። የተራራ ቅርጽ ሊመሳሰል ይችላል፤ ዛፉም ቤቱም መንገዱም አብረው ሲገጥሙ ግን አጋጣሚ ነው ማለት ያስቸግራል። እዚህ ላይ «ከፍተኛ እርግጠኝነት» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ጊዜውን ማወቅ የበለጠ ጥበብ ጠየቀ። በቪዲዮው የሚታዩ ግንባታዎች በየትኞቹ የሳተላይት ምስሎች እንዳሉና እንደሌሉ ሲታይ፣ ድርጊቱ ከኖቬምበር 2014 እስከ ፌብሩዋሪ 2016 ባለው ጊዜ ውስጥ መፈጸሙ ታወቀ። የእግር መንገዱ የሚታየው ደግሞ በበጋ ብቻ ነው። ከዚያ የወታደሮቹን ጥላ እንደ ፀሐይ ሰዓት ተጠቀሙበት። የጥላው ርዝመትና አቅጣጫ ፀሐይ ሰማይ ላይ የት እንደነበረች ያሳያል፤ ስሌቱም ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2015 ድረስ ያለውን ጊዜ ሰጠ። ጥላ ብቻውን ቢሆን ኖሮ አያስተማምንም ነበር፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በዚያው መስመር ታልፋለችና። ሴፕቴምበርን ከግምት ያስወጣው የበጋው መንገድ ነው።

ገዳዮቹ እነማን ናቸው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ከመሣሪያዎቹ አንዱ በአፍሪካ እምብዛም የማይታየው፣ አንዳንድ የካሜሩን ክፍሎች የሚይዙት የሰርቢያ ጠመንጃ ነው። የደንብ ልብሱም በአካባቢው በተነሱ የወታደሮች ፎቶዎች ላይ ተገኝቷል። ሆኖም ልብስ ይለበሳል፣ ጠመንጃ ይማረካል፤ እነዚህ ብቻቸውን ከ«መካከለኛ» አያልፉም። ግምቱን ከፍ የሚያደርገው በአቅራቢያው የጦር ካምፕ መኖሩ ነው።

በቪዲዮው ላይ ወታደሮቹ ሴቶቹን የቦኮ ሃራም አባላት ናችሁ ይሏቸዋል። ይህን ምስሉ ሊያረጋግጥም ሊያስተባብልም አይችልም። እኔ ብሆን ለአዘጋጁ «አልተረጋገጠም፤ ከተጻፈም የወታደሮቹ ክስ ተብሎ ብቻ» ብዬ እጽፍለት ነበር። አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቦታው በመረጋገጡ በምስሉ ውስጥ የተባለውም የተረጋገጠ ይመስላቸዋል።

መንግሥት በኋላ ሰባት ወታደሮች መያዛቸውን አሳወቀ፤ በሴፕቴምበር 2020 ደግሞ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አራቱን በ10 ዓመት እስራት ቀጣ።