የጋለ ወይም የበረደ ስልክ ለምን ቻርጅ አይደረግም?

በጥር ወር በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ የሌሊቱ ብርድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እዚያ በሹፍርና የሚተዳደር አንድ ወገናችን ስልኩን መኪናው ውስጥ ረስቶ አደረ እንበል። ማታ ሲተወው ባትሪው ግማሽ ነበር፤ ጠዋት ግን ስልኩ አልበራ አለው። ባትሪው ያለቀ መስሎት ሞተሩን አስነስቶ ወዲያውኑ ቻርጀር ላይ ሰካው።

ባትሪው ግን አላለቀም። በስልካችን ባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚያመላልሱት የሊቲየም አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን የሊቲየም ቅንጣቶች፣ የሚጓዙት በፈሳሽ ውስጥ ነው። ብርዱ ሲበረታ ጉዟቸው ይንቀራፈፋል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም በቂ ኃይል ሲያጣ ራሱን ያጠፋል። ይህ ጊዜያዊ ነው። ስልኩ ቤት ገብቶ ቢሞቅ ያ ግማሽ ቻርጅ ተመልሶ ይመጣል። በብርድ ስልክ መጠቀም የሚያስከትለው ችግር ከዚህ ብዙም አያልፍም። በብርድ ቻርጅ ማድረግ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ባትሪው ሲሞቅም አይድንም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የባትሪውን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ወገን ሊቲየም ያዘለ የብረት ውህድ አለ፤ በሌላው ወገን ደግሞ በእርሳስ ውስጥ የምናውቀው ጥቁር ማዕድን፣ ግራፋይት አለ። በመካከላቸው ሁለቱ እንዳይነካኩ የሚከልል፣ አዮኖችን ግን የሚያሳልፍ በጣም ስስ ፕላስቲክ ተዘርግቷል። ቻርጅ ስናደርግ አዮኖቹን ከመጀመሪያው ወገን እያስወጣን ወደ ግራፋይቱ እንገፋቸዋለን። ግራፋይት በስስ ገጾች የተነባበረ ስለሆነ አዮኖቹ በገጾቹ መካከል እየገቡ ይቀመጣሉ። ስልኩን ስንጠቀም ደግሞ ከዚያ ወጥተው ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

ግራፋይቱን በጠባብ በር እንደሚገባበት ሰፊ አዳራሽ ልናስበው እንችላለን። ሙቀቱ ልከኛ ሲሆን አዮኖቹ በበሩ አልፈው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ብርድ ሲሆን ወደ ውስጥ የሚዘልቁበት ፍጥነት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ቻርጀሩ ግን መግፋቱን አያቆምም። ከኋላ የሚመጡት በር ላይ ይከማቻሉ። እዚያው በግራፋይቱ ገጽ ላይ ኤሌክትሮን አግኝተው አዮን መሆናቸው ይቀርና የሊቲየም ብረት ይሆናሉ። ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ ደግሞ ሁኔታው ይብሳል። ያን ጊዜ ግራፋይቱን ሊቲየም ወደ ብረትነት ከሚለወጥበት ነጥብ የሚለየው አንድ አሥረኛ ቮልት ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ ብረት ከፊሉ ከግራፋይቱ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጦ፣ ከፊሉም ከፈሳሹ ጋር ተዋሕዶ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። በባትሪው ውስጥ ያለው ሊቲየም የተወሰነ ስለሆነ የጠፋው የሚተካ የለም። ድርጊቱ በተደጋገመ ቁጥር ስልኩ ቻርጅ የሚይዝበት ጊዜ ያጥራል። ሌላም አደጋ አለ። ብረቱ ሁልጊዜ እንደ ቀለም ተስተካክሎ አይለበጥም፤ አንዳንዴ እንደ መርፌ የሾለ ቅርንጫፍ እያወጣ ያድጋል። ቅርንጫፉ ያንን ስስ ፕላስቲክ ከበሳው ሁለቱ ወገኖች ይገናኛሉ፤ ባትሪው በውስጡ ሾርት አድርጎ ሊቃጠል ይችላል።

ይህ የሊቲየም ብረት ለባትሪ ሰሪዎች አዲስ ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም በአሜሪካው የነዳጅ ኩባንያ በኤክሶን የሠራቸው ባትሪዎች የሊቲየም ብረትን በቀጥታ ይጠቀሙ ነበር። ኃይላቸው የሚያስደንቅ ቢሆንም በሙከራ ላይ እየተቀጣጠሉ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን አስጠርተዋል። በ1989 ደግሞ ሞሊ ኢነርጂ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ለጃፓን የሞባይል ስልኮች ያቀረባቸው የሊቲየም ብረት ባትሪዎች እሳት በማስነሳታቸው ከገበያ ተሰበሰቡ። መፍትሔው የመጣው ከጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ ነው። ዮሺኖ በ1985 የሊቲየም ብረቱን አውጥቶ በምትኩ አዮኖችን በውስጡ የሚያስቀምጥ ካርቦን አስገባ፤ በሌላው ወገን ጆን ጉድኢናፍ ያገኘውን የኮባልት ውህድ ተጠቀመ። ሶኒ በ1991 ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ባትሪ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነበር፤ ሦስቱ ሳይንቲስቶችም በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። የባትሪው ደኅንነት የተገኘው የሊቲየም ብረትን ከውስጡ በማስወጣት ነው። በረዶ የሆነ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ያንን ብረት መልሶ ያስገባዋል።

ስልክ አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ባትሪው አጠገብ የሙቀት መለኪያ ያስቀምጣሉ። በጃፓን የወጣውና ብዙ አምራቾች የሚከተሉት መመሪያ በ10 እና በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል በመደበኛ ሁኔታ ቻርጅ ማድረግን ይፈቅዳል። ከ10 እስከ ዜሮ ባለው ቅዝቃዜ ቻርጁ እንዲዳከም፣ ከዜሮ በታች ደግሞ እንዲቆም ያዛል። ከ45 በላይም እንዲሁ የቻርጁ ጉልበት ይቀነሳል፤ 60 ላይ ጨርሶ ይቆማል። እነዚህ ቁጥሮች የባትሪው የራሱ ሙቀት ናቸው እንጂ የአየሩ አይደሉም። ቻርጅ ሲደረግ ባትሪው በራሱም ስለሚሞቅ፣ አፕል ለአይፎን ተስማሚ ነው የሚለው የአካባቢ አየር ሙቀት ከዜሮ እስከ 35 ዲግሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚኒያፖሊሱ ሹፌር ስልክ ጤናማ ከሆነ ቻርጀር ቢሰካበትም አልቀበልም ሊል ይችላል። ሰውየው ግን ቻርጀሩ የተበላሸ መስሎት በሌላ ይሞክራል፤ ወይም ርካሽ ፓወር ባንክ ያመጣል። ፓወር ባንኩ ራሱ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረ ከሆነ እርሱም የሊቲየም ባትሪ ነውና፣ በርካሽ የተሠሩት ደግሞ ሁሉም ተገቢ የሙቀት መቆጣጠሪያ የላቸውም። በኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ችግር በሌላ መንገድ ተፈቷል፤ ብዙዎቹ ቻርጅ ከመጀመራቸው በፊት ባትሪያቸውን ራሳቸው ያሞቃሉ። ስልክ እንዲህ ያለ ማሞቂያ የለውም፤ የሚያሞቀው ባለቤቱ ነው። የውስጥ ኪስ ውስጥ ማስገባት ወይም ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት፣ በጣም ከበረደ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይበቃል። የመኪና ማሞቂያ አፍ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ መደቀን ግን አይገባም፤ ውጩ ግሎ ውስጡ በረዶ እንደሆነ ይቀራል። ስልኩ ላይ ጤዛ ከታየም እስኪደርቅ ድረስ ገመድ አይሰካበት።

ብርድ የሚጎዳው በድንገት ከሆነ ሙቀት የሚጎዳው በዝግታ ነው፤ ለአብዛኞቻችን የሚቀርበውም ይህኛው ነው። በግራፋይቱ ላይ ከባትሪው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ አንድ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ይህ ሽፋን ፈሳሹን ከግራፋይቱ ስለሚከላከል አስፈላጊ ነው። ሙቀት ሲበዛ ግን እየወፈረ ይሄዳል፤ ሲወፍር ደግሞ ሊቲየሙን ይበላል። በሌላው ወገን ፈሳሹ ራሱ እየፈራረሰ ጋዝ ያወጣል። የባትሪ ማበጥ ምንጩ ይህ ጋዝ ነው። በጥቅሉ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር እነዚህ አጥፊ ኬሚካዊ ለውጦች በእጥፍ ያህል ይፈጥናሉ።

ከሁሉም የሚከፋው የሙቀትና የሙሉ ቻርጅ መገናኘት ነው። በባትሪ ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት የሚጠቀስ አንድ ሰንጠረዥ ይህን በግልጽ ያሳያል። ባትሪ 40 በመቶ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ አንድ ዓመት ቢቀመጥ ከመጀመሪያ አቅሙ 96 በመቶ ያህሉ ይቀርለታል። በዚያው ሙቀት ሙሉ ቻርጅ ይዞ ዓመቱን ቢያሳልፍ ግን 80 በመቶ፤ በ40 ዲግሪ ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥ ደግሞ 65 በመቶ ብቻ ይተርፈዋል። ባትሪው ያለ ምንም ሥራ ተቀምጦ ነው ይህን ያህል ያጣው።

አሁን ዱባይ ውስጥ ዕቃ የሚያደርስ ወይም አዲስ አበባ ውስጥ የጥሪ ታክሲ የሚነዳ ሰውን እንውሰድ። ስልኩ መስታወቱ ሥር ተሰክቷል፣ ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል፣ ካርታው ክፍት ነው፣ ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን ይሠራል፣ ኔትወርኩ አያርፍም፣ ቻርጀሩም ከጠዋት እስከ ማታ አይነቀልም። ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ሥራው ያሞቀዋል፣ ቻርጁ ያሞቀዋል፤ ወፍራም ኮቨር ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ከዚህ ሁሉ ጋር ባትሪው ቀኑን ሙሉ 100 በመቶ ላይ ነው። ባትሪን ለማርጀት ከዚህ የበለጠ ምቹ ሁኔታ ማሰብ ያዳግተኛል። የዚህ ሰው መፍትሔ ውድ አይደለም። የስልኩን መያዣ ከመስታወቱ አውርዶ የማቀዝቀዣው አየር ወደሚደርስበት ማዛወር፣ ኮቨሩን ማውለቅና ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ማዘዝ ነው።

የጋለ ስልክ ፍሪጅ ውስጥ መክተት ግን መፍትሔ አይደለም። ከሙቀት ወደ ብርድ በድንገት ሲሄድ ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል። ቻርጀሩን ነቅሎ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃዋል።

ጉዳቱ መድረሱን በምን ያውቃሉ? የሙቀት ጉዳት ራሱን ይገልጣል። ስልኩ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተወዛወዘ፣ ስክሪኑ በአንድ ጠርዝ ከተነሳ ወይም የጀርባ ክዳኑ ካልገጠመ ባትሪው አብጧል። እንዲህ ያለውን ስልክ ቻርጅ ማድረግም፣ ተጭኖ ለመመለስ መሞከርም፣ ጋዙን ለማስወጣት መብሳትም አደገኛ ነው፤ አጥፍተው ወደ ጥገና ይውሰዱት። የብርድ ጉዳት ግን ከውጭ ምልክት የለውም። ባትሪው ቶሎ ማለቅ ሲጀምር ብቻ ይታወቃል፤ ያን ጊዜም ብዙዎች ምክንያቱን ከብርዱ ጋር አያያይዙትም።

ባትሪ ሲያስቀይሩም አንድ ነገር ይጠንቀቁ። አንዳንድ አስመሳይ ባትሪዎች እውነተኛ የሙቀት መለኪያ የላቸውም፤ በቦታው ሁልጊዜ ልከኛ ሙቀት ነው የሚል ምልክት የሚሰጥ ተራ ሬዚስተር ይገባባቸዋል። እንዲህ ያለ ባትሪ የተገጠመለት ስልክ ቢግልም ቢበርድም ቻርጁን አያቆምም። በአንጻሩ ስልክዎ በሙቀት ወይም በብርድ ምክንያት ቻርጅ አቁሜያለሁ የሚል መልእክት ካሳየዎት፣ መለኪያው እየሠራ ነውና ሌላ ቻርጀር አይፈልጉ። ገመዱን ነቅለው ስልኩ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ይጠብቁት።