ገቢው ያልተወሰነ ቤተ ሰብና መጠባበቂያ ገንዘቡ

ወርኃዊ ደመወዝ የሌለው ሰው ወጪውን በደጉ ወር ገቢ ልክ የወሰነ እንደ ሆነ፥ በክፉው ወር መበደሩ አይቀርም።

አንድ የእህል ደላላ ያለፈውን ስድስት ወር መዝገቡን ቢመለከት 9000፥ 4000፥ 7000፥ 3500፥ 8000 እና 4500 ብር ማግኘቱን አየ እንበል። ለኪራይ፥ ለቀለብና ለልጆቹ ትምህርት የግድ የሚያሻው 4500 ብር ነው። እንግዲህ ወሩ ደግም ሆነ ክፉ፥ ለቤቱ ይህንኑ ብቻ ይስጥ። በመዝገቡ ላይ ጉድለት የታየባቸው ሁለት ወሮች ሲሆኑ ድምሩ 1500 ብር ነው። ገቢው በዚሁ አኳኋን ቢደገም፥ ከመጀመሪያው ትርፍ ላይ ይህን ያህል ለወር መሙያ ይለያል፤ በክፉው ወር ከዚያ ይወስዳል፥ በደጉ ወር ይተካል። የተረፈው ሁሉ ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር በባንክ ይቀመጣል። በስድስተኛው ወር መጨረሻ በመሙያው 1500፥ በመጠባበቂያው 7500 ብር ይገኛል።

ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግን ክፉው ወር መጠባበቂያውን ሳይታወቅ ይበላዋል። ለቀለብ ሲባል ባንክ መሄድ ከተጀመረ፥ የተወሰነው 4500 ብር ከእውነተኛው ወጪ ማነሱን ያመለክታል። ዕቁብም ቢሆን ለዚህ ጉዳይ ብዙ አይመችም፤ ዕጣው ሕመምን ጠብቆ አይወጣም፥ መዋጮውም ለክፉው ወር አይራራም።